ሙሉ ድንች በኦቨን ወይስ በማይክሮዌቭ? የሙቀት፣ የሰዓትና የልጣጭ ነገር

ሳይላጥና ሳይቆረጥ የሚበስል ድንች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይጠይቃል። ውስጡ እስኪላላና ዱቄታማ እስኪሆን ድረስ መብሰል አለበት፤ ልጣጩ ደግሞ እርጥበቱን ጨርሶ ደርቆ መጠበስ አለበት። ኦቨን ሁለቱንም ቀስ ብሎ ይሠራል። ማይክሮዌቭ የመጀመሪያውን በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል፤ ሁለተኛውን ግን አይሠራም። ማይክሮዌቭ ውስጥ ደቂቃ በተጨመረ ቁጥር ልጣጩ ኮሽ የሚል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚያገኘው ግን የተጨማደደና ውስጡ የደረቀ ድንች ነው።

እዚህ የምናበስለው አንድ 250 ግራም ገደማ የሚመዝን ድንች ነው፤ የአዋቂ ጭብጥ የሚያህል። ወጥ ቤቱ አዲስ አበባ ነው። ይህን መጥቀስ ያስፈለገው ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ በውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት ላይ የሚነበበው የሙቀት ቁጥር እዚህ ስለማይሠራ ነው። ምክንያቱን በቦታው እመለስበታለሁ።

ድንቹን መምረጥ

ለዚህ አበሳሰል የሚሆነው ስታርቹ የበዛ፣ ውሃው ያነሰ ድንች ነው። እንዲህ ያለው ሲበስል ሴሎቹ እርስ በርስ ይለያያሉ፤ በሹካ ሲነካ ይፈረፈራል። ውሃ የበዛበት ድንች ግን ሲበስል ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ለሰላጣና ለወጥ ጥሩ ነው፤ ሙሉውን ሲጋገር ግን እርጥብና ሙጫማ ይሆናል። አሜሪካ ያለ ሰው ራሰት የሚባለውን ይግዛ፤ እንግሊዝ ያለ ደግሞ ማሪስ ፓይፐር ወይም ኪንግ ኤድዋርድ። እኛ ዘንድ ጉደኔና በለጠ የመሳሰሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች አሉ፤ ገበያ ላይ ግን ድንች በዝርያው ስም ተለይቶ የሚሸጠው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዝርያውን ከመጠየቅ ድንቹን ራሱን መፈተን ይሻላል።

ፈተናው ቀላል ነው። በአንድ ዕቃ ውስጥ 11 ስኒ ውሃ ላይ 1 ስኒ ጨው ጨምሮ እስኪሟሟ ማማሰል፤ ከዚያ ድንቹን መጨመር። ስታርች የበዛበት ድንች ክብደቱ ከመጠኑ አንጻር ከፍ ያለ ስለሆነ ይሰጥማል፤ ውሃማው ይንሳፈፋል። አንድ ኪሎ ድንች ገዝቶ በዚህ መንገድ ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ የሰጠመው ለኦቨን፣ የተንሳፈፈው ለወጥ። ከአንድ ማዳበሪያ የወጡ ድንቾች እንኳ የተለያየ ውጤት ሲሰጡ ማየት የተለመደ ነው።

ሌላው መታየት ያለበት ልጣጩ ነው። በአውራ ጣት ሲፈተግ የሚገፈፍ ከሆነ ድንቹ ገና ከመሬት የወጣና ልጣጩ ያልጠነከረ ነው፤ ኮሽ የሚል ልጣጭ አይወጣውም። አረንጓዴ የሆነ ወይም ያበቀለ ድንችም ለዚህ አይሆንም። አረንጓዴነቱ ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር መኖሩን ያመለክታል፤ ይህ ነገር በኦቨን ሙቀት አይጠፋም፣ የሚከማቸውም በአብዛኛው ልጣጩና ከሥሩ ባለው ክፍል ላይ ነው። ልጣጩን ሊበሉት ላሰቡት ምግብ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ድንቹን ፍሪጅ ውስጥ አያስቀምጡ። ቅዝቃዜ ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ይጣፍጣል፤ ሲጋገርም ቶሎ ይጠቁራል። ጨለማና ነፋሻ ቦታ ይበቃዋል።

ማዘጋጀት

በብሩሽ እየፈተጉ በደንብ ይጠቡት፤ በተለይ የዓይኖቹን ጎድጓዳ ቦታ፣ ምክንያቱም የቀረ አፈር ጥርስ ላይ ይቆያል። ከዚያ በፎጣ እስኪደርቅ ይጥረጉት። በሹካ ዙሪያውን ከስድስት እስከ ስምንት ቦታ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ሁኔታ ይውጉት። ኦቨን ውስጥ ሳይወጋ የገባ ድንች የሚፈነዳው አልፎ አልፎ ነው፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን እንፋሎቱ በጣም በፍጥነት ስለሚፈጠር መውጋቱ ግዴታ ነው።

በኦቨን

1. ኦቨኑን በ220 ዲግሪ ሴልሺየስ ያሙቁት፤ በፋራናይት 425 ገደማ ነው። በአብዛኛው ቤት ይህ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የኦቨን መዘውር ላይ የተጻፈው ቁጥርና ውስጡ ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ ስለማይገጥሙ፣ በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝ የኦቨን ቴርሞሜትር ውስጡ ማንጠልጠል ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል።

2. አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በግማሽ ስኒ ለብ ያለ ውሃ ያሟሙ፤ ድንቹን በውስጡ ያገላብጡትና ያውጡት። ውሃው በኦቨኑ ሙቀት ወዲያው ይተናል፤ ጨው ግን በልጣጩ ላይ እኩል ተሰራጭቶ ይቀራል። ደረቅ ጨው ቢነሰንስበት አብዛኛው ይራገፋል።

3. ድንቹን በቀጥታ በኦቨኑ መካከለኛ ፍርግርግ ላይ ያስቀምጡት፤ ከሥሩ ባለው መደርደሪያ ላይ ትሪ ያድርጉ። ትሪ ላይ በቀጥታ የተቀመጠ ድንች ብረቱን የነካው ጎኑ ብቻ ጠንክሮ ይጠቁራል። ፍርግርግ ላይ ግን ሞቃት አየር ዙሪያውን ይዞረዋል።

4. ለ50 ደቂቃ ሳይነኩት ይተዉት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይወርዳል፤ በመስታወቱ ማየት ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ልጣጩ ደርቆ ይፈዛል፣ የጨው ነጭ ሽፋንም ይታያል። ወደ 40 ደቂቃ ሲጠጋ የተጠበሰ ድንች ሽታ መውጣት ይጀምራል፤ ይሁን እንጂ በጓንት ሲጨበጥ ገና ድንጋይ ነው። ከ50 በኋላ ልጣጩ ከሥጋው ትንሽ ይለቃል፣ ሲያንኳኩት ክፍት ድምፅ ይሰጣል፣ ሲጨበጥም ልስልስ ይላል።

5. በዚህ ጊዜ አውጥተው በብሩሽ ስስ ዘይት ይቀቡትና ለተጨማሪ 10 ደቂቃ ይመልሱት። ዘይቱ መጨረሻ ላይ የሚቀባበት ምክንያት አለው። ከመጀመሪያ የተቀባ ዘይት ልጣጩ ላይ ሽፋን ሆኖ እርጥበቱ በቀላሉ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ልጣጩ ከደረቀ በኋላ የሚቀባ ዘይት ግን ሙቀቱን በእኩል አስተላልፎ ይጠብሰዋል።

6. እንዳወጡት ወዲያው በቢላዋ በመስቀል ቅርጽ ይክፈቱትና ሁለቱን ጫፎች ወደ መሃል ገፋ ያድርጉ። እንፋሎቱ ገንፍሎ ይወጣል፤ መውጣትም አለበት። ሳይከፈት የቆየ ድንች የራሱ እንፋሎት ወደ ልጣጩ ተመልሶ ያርሰዋል፤ ያን ሁሉ ሰዓት የፈጀው ኮሽታ በአምስትና በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል።

ጠቅላላ ጊዜው እንግዲህ 60 ደቂቃ ያህል ነው። በ200 ዲግሪ ከሆነ 75 ደቂቃ ይጠብቁ። ከ180 በታች ማውረድ አያዋጣም፤ ልጣጩ ሳይጠበስ ለረጅም ጊዜ ስለሚደርቅ ወፍራምና ጎማ የመሰለ ይሆናል። ከ230 በላይ ደግሞ ልቡ ሳይበስል ልጣጩ ያራል።

ፎይል መጠቅለል የሚወዱ አሉ። ፎይል ውስጥ ያለ ድንች ግን አይጠበስም፤ በራሱ እንፋሎት ይቀቀላል። ልጣጩ እርጥብና ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ልጣጩን ለማይበላ ሰው ችግር የለውም፤ ነገር ግን ለዚያማ ከሆነ ድስት ውስጥ መቀቀል በጣም ርካሽ ነው።

ከፍታው ምን ይለውጣል?

የውጭ አገር መመሪያዎች ቴርሞሜትር ድንቹ ልብ ውስጥ ከትተው ከ96 እስከ 99 ዲግሪ ሲያነብ አውጡት ይላሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ትክክል ነው፤ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ አንባቢ ይህን ቁጥር ይጠቀም። አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድንች አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ስለሆነ፣ ውሃው እስካለ ድረስ የውስጡ ሙቀት ከዚህ አያልፍም። ኦቨኑን 250 ላይ ቢያደርጉትም የሚለወጠው ልጣጩ ነው እንጂ ልቡ አይደለም። 96ን የሚጠብቅ ሰው ውስጡ እስኪደርቅ ይጠብቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከተላል። የድንችን ሴሎች እርስ በርስ ያያያዘው ፔክቲን የሚላላው በሙቀቱ መጠን ነው፤ 99 ላይ ቶሎ ይላላል፣ 91 ላይ ይዘገያል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ቴርሞሜትሩ 90 ወይም 91 ላይ ከደረሰ በኋላ ድንቹን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እዚያው ማቆየት ያስፈልጋል። ከላይ በተራ ቁጥር 5 ላይ ዘይት ተቀብቶ የሚቆይባቸው 10 ደቂቃዎች ይህንንም ሥራ ይሠራሉ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ይበልጥ ከፍ ባለ ከተማ ትንሽ ይጨምሩ፤ ድሬዳዋ ላይ ይቀንሱ።

ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ስስ የእንጨት ስንጥር ይበቃዋል። ከአንዱ ጎን ገብቶ እስከ መሃል ድረስ አንድ ዓይነት ልስላሴ ካገኘ በስሏል። መሃል ላይ ትንሽ ከተያዘ ገና ነው።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ ኦቨኑ በያዘው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይቆያል። ድንቹ ግን ግማሽ ሙቀት ላይ፣ ማለትም ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ፣ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ፔክቲኑን ስለሚያጠነክረው በኋላ መብራት ተመልሶ ቢጋገር እንኳ እንደ ልቡ አይላላም። እንዲህ ያለውን ድንች ቆራርጦ ወጥ ውስጥ መጨመር የተሻለ ነው፤ ሳይፈርስ ይበስላል።

በማይክሮዌቭ

1. የታጠበውንና የተወጋውን ድንች የወረቀት ፎጣ በተነጠፈበት የሸክላ ሳህን ላይ ያስቀምጡት። ሳህኑን ከሚዞረው መስታወት መሃል ይልቅ ወደ ዳር ገፋ ያድርጉት፤ መሃል ላይ የተቀመጠ ነገር እየዞረም ቦታው ስለማይለወጥ እኩል አይሞቅም።

2. 800 ዋት በሆነ ማይክሮዌቭ በሙሉ ኃይል 3 ደቂቃ ተኩል ያሙቁት።

3. ገልብጠው ሌላ 3 ደቂቃ ይስጡት።

4. ሳይከፍቱት አምስት ደቂቃ ያሳርፉት። ይህ የማብሰያው አካል ነው፤ ሊዘለል አይገባም። የማይክሮዌቩ ሞገድ ከየአቅጣጫው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ጠለቅ ብሎ ያለው ልብ የሚበስለው ዙሪያው ያለው ሙቀት ቀስ ብሎ ሲደርሰው ነው።

5. በስንጥር ይፈትኑት። መሃሉ ከያዘ አንድ ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ አይጨምሩ።

የማይክሮዌቭ ድንች ልጣጭ ለምን እንደሚለሰልስ ማወቅ ከብዙ ከንቱ ሙከራ ያድናል። ኦቨን ውስጥ የሚሞቀው መጀመሪያ አየሩ ነው፤ ልጣጩ በ220 ዲግሪ አየር ተከቦ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ሙቀቱ ከውሃ መፍያ አልፎ ይወጣል። ወርቃማ ቀለምና የጥብስ ጣዕም የሚመጣው ከ140 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። ማይክሮዌቭ ውስጥ ግን አየሩ አይሞቅም። የሚሞቀው ድንቹ ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ እንፋሎት ሆኖ ወደ ውጭ ሲወጣ ልጣጩን ያረጥበዋል። ልጣጩ ስለዚህ በውሃ መፍያ ሙቀት ላይ ተወስኖ ይቀራል። የሚገኘው የተቀቀለ ድንች ዓይነት ስስ፣ እርጥብ፣ ሲሳብ ትንሽ የሚለጠጥ ልጣጭ ነው። ሰዓት ቢጨመር ከውስጥ የሚወጣው ውሃ ይበዛል፤ ድንቹ ይጨማደዳል፣ ከልጣጩ ሥር ያለው ሥጋም እንደ ቡሽ ይደርቃል።

ሌላው ልዩነት ብዛት ነው። ኦቨን ውስጥ አንድም ይሁን አራት ድንች ሰዓቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። ማይክሮዌቭ ግን ያለውን ኃይል ለገባው ሁሉ ያካፍላል፤ ለሁለት ድንች 10 ወይም 11 ደቂቃ ይወስዳል፣ አራት ሲሆን እኩል ማብሰሉም ያስቸግራል። ምሽት ላይ የመብራት ኃይል ሲቀንስም በብዙ ቤት ያለው ዓይነት ማይክሮዌቭ አብሮ ይደክማል። ቀን 6 ደቂቃ ተኩል የበቃው ድንች ማታ 8 ሊፈልግ ይችላል፤ መመሪያው የተሳሳተ እንዳይመስልዎት።

በፍጆታ በኩል ልዩነቱ ሰፊ ነው። አንድ 2,000 ዋት ኦቨን ቀድሞ የሚሞቅበትን ጊዜ ጨምሮ ለዚህ ሥራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል አካባቢ ሊወስድ ይችላል፤ ማይክሮዌቩ ከዚያ አንድ አሥረኛውን ያህል ነው። ለአንድ ድንች ብሎ ኦቨን ማሞቅ ስለዚህ ብክነት ነው። ለቤተሰብ ስድስት ድንች ከሆነ ወይም ኦቨኑ ለሌላ ነገር ከሞቀ ግን ክርክር የለውም።

ሁለቱን ማዋሃድ

በሥራ ቀን ለሚመጣ እራት እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ኦቨኑን በ220 ላይ ያብሩት። እሱ እስኪሞቅ ድንቹን ማይክሮዌቭ ውስጥ 3 ደቂቃ፣ ገልብጠው ደግሞ 2 ደቂቃ ተኩል ያብስሉት፤ ሙሉ በሙሉ እንዲጨርስ አያስፈልግም። አውጥተው ላዩ ላይ ያለው እንፋሎት እስኪተን ሁለት ደቂቃ ፍርግርግ ላይ ይተዉት። ከዚያ በጨው ውሃ ያርሱትና ኦቨን ያስገቡት። ከ12 ደቂቃ በኋላ ዘይት ይቀቡትና 8 ደቂቃ ይጨምሩ።

ውስጡ ከሙሉ የኦቨን ድንች ብዙም አይለይም። ልጣጩ ኮሽ ይላል፤ ውፍረቱ ግን ይሳሳል። በሙሉ ሰዓት የተጋገረው ድንች ከልጣጩ ሥር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የደረቀና ቡናማ የሆነ ሥጋ አብሮት ስላለው ሲነከስ ጠንከር ይላል፣ ጣዕሙም ይጎላል። እንግዳ ሲመጣ ወይም ልጣጩ ራሱ የምግቡ ዋና ክፍል ሲሆን ሙሉውን ሰዓት መስጠት ይገባዋል። ለዘወትር ግን 20 ደቂቃው በቂ ነው። ለልጆች ተፈጭቶ ወይም እንደ ንፍሮ ለመክሰስ የሚበላ ከሆነ ደግሞ ማይክሮዌቩ ብቻውን ይበቃል፤ ልጣጩ ለማይበላ ድንች ኦቨን ማብራት ምንም አይጨምርም።

በፍስክ ቀን ንጥር ቅቤና ትኩስ አይብ፣ በጾም ደግሞ ዘይት ጠብ ተደርጎበት አዋዜ ወይም ሚጥሚጣ ይሄድበታል። ቅቤው የሚገባው ድንቹ ተከፍቶ እንፋሎቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ሥጋው ውሃና ቅቤ ይዞ ይላቁጣል።

የተረፈውን ማስቀመጥ

የተረፈ ድንች ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ፎይል ተጠቅልሎ ደግሞ በፍጹም። ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር አፈር ውስጥ ስለሚገኝ ድንች ላይ ሊኖር ይችላል፤ የኦቨን ሙቀትም አይገድለውም፣ ምክንያቱም የድንቹ ውስጥ ከውሃ መፍያ በላይ አይሞቅም። ፎይሉ አየር ከልክሎ እርጥበቱን ሲይዝለት በክፍል ሙቀት መርዝ ማምረት ይችላል። በ1994 በቴክሳስ ኤል ፓሶ ከተማ በአንድ ምግብ ቤት 30 ሰዎች በቦቱሊዝም የታመሙት በፎይል ተጋግሮ በክፍል ሙቀት ከቆየ ድንች በተሠራ ማባያ ነበር። ፎይል ከተጠቀሙ ድንቹ ከኦቨን እንደወጣ ይፍቱት።

የበሰለውን ለሁለት ከፍለው ያቀዝቅዙና ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል። ሲያሞቁት ማይክሮዌቭ ውስጥ ከገባ ልጣጩ ይለሰልሳል። የተከፈለውን ወገን ወደ ታች አድርገው ትሪ ላይ በ200 ዲግሪ ኦቨን 15 ደቂቃ ቢያቆዩት ልጣጩ እንደገና ይደርቃል።